ማንም ያልጠየቀው ግብር ዕዳ ይባላል?

በእኛ አገር የንግድ ቋንቋ «ሁለት መዝገብ» መጥፎ ስም ነው። አንዱ ለባለቤቱ፣ ሌላው ለገቢዎች፤ አንዱ እውነቱን፣ ሌላው የሚታየውን ይይዛል ተብሎ ይጠረጠራል። ነገር ግን አንድ ማሽን በሕግ አዋቂውም በኦዲተሩም ዘንድ ያለ ነውር ሁለት ዋጋ የሚይዝበት ሁኔታ አለ። ድርጅቱ ማሽኑ ስንት ዓመት እንደሚያገለግለው ገምቶ በዚያው ልክ እርጅናውን ይቀንሳል። የግብር ሕጉ ደግሞ የድርጅቱን ግምት ሳይጠይቅ በራሱ መቶኛ ይቀንስለታል። የሕጉ መቶኛ ከድርጅቱ ግምት ሲፈጥን በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱም በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ አንድ መስመር ይወልዳል። የሒሳብ ሰዎች «ዲፈርድ ታክስ» የሚሉት፣ በአማርኛ የተላለፈ ግብር ዕዳ ልንለው የምንችለው መስመር ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና ድርጅቶች ወደ ዓለም አቀፍ የሪፖርት ደረጃዎች መግባት ከጀመሩ ወዲህ ይህ መስመር በአክሲዮን ማኅበራት ዓመታዊ ሪፖርት ላይ አዘውትሮ ይታያል። አብዛኛው ባለአክሲዮን ግን ዘሎት ያልፋል። ዘሎ የሚያልፍበትም ምክንያት አለው፤ ከመስመሩ ጀርባ የግብር ማስታወቂያ የለም፣ የክፍያ ቀን የለም፣ አበዳሪም የለም። «ማንም ያልጠየቀን ገንዘብ እንዴት ዕዳ ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቢነሳ አይገርምም። የዚህ ጽሑፍ መልስ ይህ ነው፦ መስመሩ እውነተኛ ወጪ ነው፤ ወጪነቱም ግብሩ ለሚከፈልበት ዓመት ሳይሆን ትርፉ ለተገኘበት ዓመት ነው። ነገር ግን የባንክ ብድር አይደለም፤ መጠኑም በጊዜና በሕግ አውጪ እጅ ውስጥ ነው።

ለማስረዳት አንድ ማሽን ይበቃል። አንድ የዱቄት ፋብሪካ በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ፣ ሐምሌ 1 ቀን፣ በ1,000,000 ብር ወፍጮ ገዛ እንበል። የፋብሪካው መሐንዲሶች ወፍጮው 10 ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ በኋላ የሚሸጥ ዋጋ አይኖረውም አሉ። ስለዚህ በመዝገብ በየዓመቱ 100,000 ብር የእርጅና ቅናሽ ይያዛል። በግብር በኩል የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ኮምፒዩተርን፣ ግሪንሀውስን፣ በሕንፃ ላይ የሚደረግ ማሻሻያንና የማዕድን ሥራ ንብረትን ለይቶ ካስቀመጠ በኋላ ለቀሩት ንብረቶች በቀጥተኛ ዘዴ 15 በመቶ ይፈቅዳል። ወፍጮው ከቀሩት ውስጥ ስለሆነ በየዓመቱ 150,000 ብር ከሚታሰብበት ገቢ ይቀነስለታል። በ6 ዓመት ውስጥ 900,000 ብር ያልቃል፤ የቀረው 100,000 በ7ኛው ዓመት ይቀነሳል፤ በ8ኛው፣ በ9ኛውና በ10ኛው ዓመት ወፍጮው እየፈጨ የሚቀነስለት ግን የለም። ሌላውን ሁሉ ለማቅለል ፋብሪካው ከእርጅና ቅናሽ በፊት በየዓመቱ ሳይጨምር ሳይቀንስ 500,000 ብር ያተርፋል፣ የግብሩም ልክ ለድርጅቶች የተደነገገው 30 በመቶ ነው ብለን እንያዝ። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ንግድ የለም፤ ነገር ግን ንግዱ ቀጥ ሲል የሚወዛወዘው ግብሩ ብቻ ስለሚሆን ምክንያቱ ጎልቶ ይታያል።

በመዝገብ በየዓመቱ ከግብር በፊት ያለው ትርፍ 400,000 ብር ነው። ከዚህ 30 በመቶው 120,000 ነው። በግብር ስሌት ግን በመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት ግብር የሚታሰብበት ገቢ 350,000 ብር ስለሚሆን ፋብሪካው በየዓመቱ የሚከፍለው 105,000 ብቻ ነው፤ 15,000 ብር በኪሱ ይቀራል። በ7ኛው ዓመት ሁለቱም ቅናሾች 100,000 ስለሚሆኑ ክፍያው 120,000 ይሆናል። ከ8ኛው እስከ 10ኛው ዓመት ቅናሽ ስለሌለ 500,000ው ሙሉ በሙሉ ግብር ይታሰብበታል፤ ክፍያውም በየዓመቱ 150,000 ብር ይደርሳል። አሁን የ10 ዓመቱን ክፍያ ደምሩት፦ 6 ጊዜ 105,000፣ አንድ ጊዜ 120,000፣ 3 ጊዜ 150,000። ድምሩ 1,200,000 ብር ነው። ይህም 120,000 በ10 ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። መንግሥት ከፋብሪካው ላይ አንዲት ብር አልተወለትም፤ ያዘገየለት ብቻ ነው። በየዓመቱ የዘገየችው 15,000 ብር እየተጠራቀመች በ6ኛው ዓመት መጨረሻ 90,000 ትደርሳለች፤ 7ኛውን ዓመት እዚያው ላይ ቆማ ታሳልፋለች፤ ከዚያም በየዓመቱ 30,000 እየተከፈለላት 60,000፣ 30,000 ትልና በ10ኛው ዓመት መጨረሻ ባዶ ትሆናለች። የተላለፈ ግብር ዕዳ የሚባለው መስመር የዚህች ክምችት መዝገብ ነው፤ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም።

መስመሩ ባይመዘገብ ምን ይሆን ነበር? ሒሳቡ የተከፈለውን ግብር ብቻ ቢይዝ ፋብሪካው ለ6 ዓመታት 295,000 ብር የተጣራ ትርፍ፣ በ7ኛው 280,000፣ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ደግሞ 250,000 ያሳይ ነበር። ልብ በሉ፤ ወፍጮው ያው ወፍጮ፣ ደንበኛው ያው ደንበኛ፣ ዱቄቱ ያው ዱቄት ነው፤ በንግዱ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም። ሪፖርቱ ግን ጥሩ ዘመን ኖሮ መጥፎ ዘመን የመጣ ያስመስላል። ባለአክሲዮኖች 295,000ውን እያዩ ሙሉውን የትርፍ ድርሻ ቢከፋፈሉ፣ በ6 ዓመት ውስጥ የኋለኞቹን ዓመታት ግብር 90,000 ብር በልተዋል ማለት ነው። ድርሻውን በ6ኛው ዓመት መጨረሻ የገዛ ሰውም ላለፉት ዓመታት ትርፍ ዋጋ ከፍሎ፣ የዚያኑ ትርፍ ግብር ግን እሱ ይከፍላል። መስመሩ ሲመዘገብ በየዓመቱ 105,000 የተከፈለና 15,000 የተላለፈ ተብሎ 120,000 ወጪ ይያዛል፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከተከፈለው 150,000 ላይ 30,000ው ከክምችቱ ይቀነሳል። የተጣራው ትርፍም 10ሩንም ዓመት 280,000 ሆኖ ንግዱን እንደ ነበረው ያሳያል። ይህን አንዳንዶች «ትርፍን ማለስለስ» ብለው ያሙታል። ማለስለስ ግን የተወዛወዘን ነገር እንዳልተወዛወዘ ማስመሰል ነው። እዚህ ያልተወዛወዘው ንግዱ ነው፤ የሚያወዛውዘው የሕጉ መቶኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ እንምጣ። ገቢዎች በ6ኛው ዓመት መጨረሻ ለፋብሪካው «90,000 ብር አለብህ» አይለውም፤ ቢጠየቅም የለበትም ይላል። ግብር የሚወለደው ገቢ ሲገኝ ነው፤ የ8ኛው ዓመት ገቢ ደግሞ ገና አልተገኘም። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ በሕግ አነጋገርም ትክክል ነው። የሚፈርሰው በድርጅቱ በራሱ መግለጫ ነው። በዚያ ቀን መግለጫው በሀብት በኩል ወፍጮውን በ400,000 ብር ይዞታል። አንድን ንብረት በ400,000 መያዝ ማለት ወይ በመሥራት ወይ በመሸጥ ቢያንስ ይህን ያህል ገንዘብ ከእሱ ይገኛል ማለት ነው። በግብር መዝገብ ግን ከወፍጮው የቀረው 100,000 ብቻ ነው። ስለዚህ 400,000ው ሲገኝ 100,000 ተቀንሶ 300,000ው ግብር ይታሰብበታል፤ 30 በመቶው 90,000 ነው። ፋብሪካው ወፍጮውን በማግሥቱ በ400,000 ብር ቢሸጠውም መልሱ አይለወጥም፤ ከግብር መነሻ ዋጋው በላይ የተገኘው 300,000 ገቢ ሆኖ ያው 90,000 ይጠየቅበታል። እንግዲህ መንገዱ ሁለት ሆኖ መድረሻው አንድ ነው። ሀብቱን ሙሉ በሙሉ ጽፎ ከሀብቱ ጋር የተጣበቀውን ግብር መተው ላሚቱን ቆጥሮ ማሰሪያዋን መካድ ነው። ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ ቁጥር 12 ዕዳውን የሚለካው በዚሁ መንገድ ነው፦ የመዝገብ ዋጋ ሲቀነስ የግብር መነሻ ዋጋ፣ በግብሩ ልክ ሲባዛ።

ይህ አለካክ ለሥራው ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ስህተትን ያጋልጣል። በየዓመቱ የሁለቱን ቅናሾች ልዩነት እያሰሉ 15,000 በ15,000 ላይ መደመር ለጥቂት ዓመታት ይሠራል። ከዚያ አንድ ማሽን ይሸጣል፣ ሌላው ይቃጠላል፣ የአገልግሎት ዘመኑም ይከለሳል፤ የቋሚ ንብረት መዝገቡ ይስተካከልና የግብር ሠንጠረዡ ይረሳል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱን የሚይዙት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የግብሩ ሠንጠረዥ በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ያለ ፋይል ብቻ የሆነበት ድርጅትም አይጠፋም። ከዓመታት በኋላ በግቢው ውስጥ የሌለ ማሽን የተላለፈ ግብር ተሸክሞ ይገኛል። መድኃኒቱ በየዓመቱ መጨረሻ ድምሩን ትቶ ከንብረቱ መጀመር ነው፦ እያንዳንዱ ንብረት በመዝገብ ስንት ቀረው፣ በግብር ስንት ቀረው፣ ልዩነቱ በ30 በመቶ ስንት ነው? ከውጭ ሆኖ ሪፖርት የሚያነብ ሰውም የሚያየው ምልክት አለ። የግብር ወጪውን ለትርፉ ያካፍል። በእኛ ፋብሪካ መስመሩ ሲመዘገብ ውጤቱ ሁልጊዜ 30 በመቶ ነው፤ ባይመዘገብ ኖሮ መጀመሪያ 26.25፣ መጨረሻ ላይ 37.5 በመቶ ይሆን ነበር። በእርግጥ ከ30 መራቅ ሁሉ ስህተት አይደለም። የመንግሥት ቅጣት ተከፍሎ በግብር ካልተቀነሰ መቼም አይቀነስም፤ ተመልሶ የሚመጣ ነገር ስለሌለው የተላለፈ ግብርም አይወልድም። እንዲህ ያለውን በሪፖርቱ የግብር ማብራሪያ ውስጥ በቁጥር ማግኘት አለብን። ማብራሪያው ዝም ብሎ መቶኛው በየዓመቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከተንሸራተተ ግን መጠርጠር የሚገባው የንብረት መዝገቡ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ጥሩ የሒሳብ ሰዎችም ለብዙ ዓመታት ይዘውት ኖረዋል። አንድ ወፍጮ ገዝቶ 10 ዓመት የሚቀመጥ ድርጅት የለም፤ የሚኖር ድርጅት ሁልጊዜ ይገዛል፤ የአሮጌው ዕዳ ሲከፈል በአዲሱ ይተካል፤ ስለዚህ ክምችቱ መቼም አይከፈልም ይላል። ይህንንም በራሳችን ቁጥር እንፈትነው። ፋብሪካው በየዓመቱ አንድ ወፍጮ በዚያው ዋጋ ቢገዛ ከ10 ዓመት በኋላ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 10 የሆኑ 10 ወፍጮዎች ይኖሩታል። የእያንዳንዱን ክምችት ከላይ በተቆጠረው መሠረት ብንደምር 495,000 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመትም 495,000 ነው፤ በሚከተለውም እንዲሁ። የወፍጮ ዋጋ ከጨመረማ ክምችቱ ያድጋል እንጂ አይቀንስም። ታዲያ ይህ የማይነቃነቅ ቁጥር ዕዳ ነው ወይስ የባለቤቶች ሀብት?

መልሴ ዕዳ ነው፤ ምክንያቴን ለማየት ከመርካቶ ጅምላ ነጋዴ በላይ ምሳሌ አያስፈልግም። ነጋዴው ለአቅራቢዎቹ ሁልጊዜ በድምሩ አንድ መጠን ገንዘብ አለበት፤ የዛሬውን ሲከፍል የነገውን ይበደራል። ድምሩ ለዓመታት ስላልወረደ ዕዳ የለበትም የሚል ሰው ግን የለም፤ እያንዳንዷ ደረሰኝ በቀኗ ትከፈላለች። የወፍጮዎቹም እንደዚያው ነው፤ 8 ዓመት የሞላው ወፍጮ በዚያ ዓመት 30,000ውን ይከፍላል፤ ድምሩ የሚቆመው አዲስ ወፍጮ ስለሚገባ ብቻ ነው። ያልተገዛ ወፍጮ የሚያመጣውን ጥቅም ተገዝቶ በተሠራበት ወፍጮ ዕዳ ላይ ማቻቻል ነገን ዛሬ መመዝገብ ነው። ፋብሪካው መግዛት ቢያቆም የሚሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። በመጀመሪያው ዓመት ክምችቱ በ15,000 ብቻ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ በ30,000፣ በ45,000፣ በ60,000፣ በ75,000፤ በ6ኛውና በ7ኛው ዓመት በየዓመቱ 90,000 ይከፈላል። ዕዳው የሚከብደው ግዢ በቆመ ማግሥት ሳይሆን ማሽኖቹ ካረጁና ምርቱ ከደከመ በኋላ ነው። ድርጅት መግዛት የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ ሲቸግረው መሆኑን ካሰብን፣ «አይከፈልም» የተባለው ግብር የሚመጣበት ሰዓት ከሁሉም የከፋው ሰዓት ነው።

ይህ ክርክር በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም፤ ብሪታንያ ኖራበታለች። የካፒታል ወጪ ተቀናሽ የሚባለው የግብር ሥርዓት የዚያ አገር ስለሆነ ማስረጃውን ከዚያ መውሰድ ተገቢ ነው። በ1970ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ብሪታንያ ለማሽን ግዢ በመጀመሪያው ዓመት 100 በመቶ ትቀንስ ነበር፤ የድርጅት ግብሩም 52 በመቶ ነበር። በ1975 የወጣው የሒሳብ ደረጃ የተላለፈው ግብር በሙሉ ይመዝገብ አለ። ድርጅቶች ጮኹ፤ በየዓመቱ ለምንገዛ ሰዎች ፈጽሞ የማንከፍለውን ዕዳ አትጫኑብን አሉ። ደረጃው በተግባር ሳይጸና ቀረና በ1978 በሌላ ተተካ፤ አዲሱም ወደፊት ይከፈላል ተብሎ የሚታሰበው ብቻ ይመዝገብ የሚል ነበር። ብዙዎች ትንሽ መዘገቡ፤ ብዙውን ተዉት። መጋቢት 1984 የገንዘብ ሚኒስትሩ ናይጄል ላውሰን በጀታቸውን ሲያቀርቡ የመጀመሪያ ዓመቱን ተቀናሽ ከ100 ወደ 75፣ ከዚያ ወደ 50 አውርደው በ1986 እንዲቀር፣ የግብሩም ልክ ደረጃ በደረጃ ወደ 35 በመቶ እንዲወርድ አደረጉ። አዲስ ግዢ አሮጌውን ዕዳ የሚተካበት መሰላል ከሥር ተወሰደ። በተለይ ማሽንና መርከብ ገዝተው ለሌሎች የሚያከራዩ ቅርንጫፎች የነበሯቸው ትልልቅ ባንኮች ለዓመታት ያልመዘገቡትን ግብር በአንድ ጊዜ ለመያዝ ተገደዱ። የተለወጠው የእነርሱ ዕቅድ አልነበረም፤ ዕቅዳቸው የቆመበት ሕግ ነው። ብሪታንያ በ2000 ባወጣችው ደረጃ ወደ ሙሉ ምዝገባ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል፤ ልሸሽገው አልፈልግም። ግብሩን በ52 በመቶ ዘመን ያዘገየ ድርጅት የከፈለው በ35 በመቶ ነው፤ ልዩነቱ ለዘለቄታው የቀረ ነው። ስለዚህ የተላለፈ ግብር ዕዳ ልኩ ያልታወቀ ዕዳ ነው፤ ሕግ አውጪው ሊያሳንሰውም ሊያተልቀውም ይችላል። ማተለቁም ደርሷል። በመጋቢት 2021 የብሪታንያ መንግሥት የድርጅት ግብር ከ19 ወደ 25 በመቶ ከፍ እንደሚል አስታወቀ፤ አዲሱ ልክ ሥራ ላይ የሚውለው ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ነበር። ደረጃ 12 ግን የወጣውን ወይም በተግባር የጸደቀውን ልክ ተጠቀሙ ስለሚል፣ በግንቦት 2021 ረቂቁ በምክር ቤት ሲያልፍ ድርጅቶች ከሚያዝያ 2023 በኋላ የሚመለሰውን ክምችታቸውን እንደገና ለኩ። በእኛ ቁጥር ብናየው 300,000 ልዩነት በ19 በመቶ 57,000 ነበር፤ በ25 በመቶ 75,000 ሆነ። አንድ ሳንቲም ሳይከፈል የ18,000 ወጪ በአንድ ሪፖርት ላይ ተጫነ። እንዲህ ያለውን ወጪ የሚያይ ባለአክሲዮን ንግዱ የተጎዳ እንዳይመስለው፤ የዚያ ዓመት ሥራ ያመጣው አይደለም፤ የቆየ ዕዳ በአዲስ ሚዛን መመዘኑ ነው። ልኩ መለዋወጡ ግን ዕዳነቱን አይሽረውም። በዶላር የተበደረ ነጋዴም ምንዛሪው በተለወጠ ቁጥር በብር ስንት እንዳለበት ይለወጥበታል።

በሌላ በኩል «የተላለፈ ግብር ካለ በኪስ የቀረ ገንዘብ አለ» ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። ፋብሪካችን በመጀመሪያው ዓመት ከእርጅና ቅናሽ በፊት 120,000 ብቻ አገኘ እንበል። በመዝገብ 20,000 አተረፈ፤ በግብር 30,000 ከሰረ። ወፍጮው የፈጠረው የተላለፈ ዕዳ ያው 15,000 ነው፤ የቀረለት ክፍያ ግን ለ20,000ው ትርፍ ይከፍለው የነበረው 6,000 ብቻ ነው። ቀሪው 9,000 ወደፊት በሚያተርፍበት ዓመት በሚቻቻል ኪሳራ መልክ የተቀመጠ ተስፋ ነው፤ ከሌላው ወገን እንደ ሀብት የሚመዘገበውም በቂ ትርፍ እንደሚመጣ ማሳየት ከተቻለ ነው። በእኛ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ኪሳራ የሚሸጋገረው ለ5 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያላተረፈ ድርጅት የተፋጠነውን ቅናሽ ሳይጠቀምበት ያጣዋል፤ በኋለኞቹ ዓመታት የሚጎድለው ቅናሽ ግን ከእሱ ጋር ይቀራል። ፈጣን ቅናሽ ለሚያተርፍ ድርጅት ብድር ነው፤ ለሚከስር ድርጅት ግን በእጁ ሳይገባ ሊያልፍ የሚችል ብድር።

ብድር ካልን አይቀር ወለዱስ? መንግሥት ለ15,000ዋ ብር ወለድ አይጠይቅም። የፋብሪካው ክምችት በየዓመቱ መጨረሻ የነበረውን መጠን፣ 15,000 ብሎ እስከ 90,000 ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ብንደምረው 495,000 ይሆናል፤ ከላይ ያገኘነው ቁጥር መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ፋብሪካው ይህን ገንዘብ ከባንክ በ10 በመቶ ወለድ ቢበደረው ኖሮ በ10 ዓመቱ ውስጥ ወደ 49,500 ብር ወለድ ይከፍል ነበር። ከተፋጠነው ቅናሽ የሚገኘው እውነተኛ ጥቅም ይኼ ነው፤ ግብሩ አልቀነሰም፣ ወለዱ ግን ቀርቷል። የመጨረሻው ተቃውሞ የሚነሳውም ከዚህ ነው። ወለድ የሌለው፣ ከዓመታት በኋላ የሚከፈል 90,000 ብር ዛሬ እንደሚከፈል 90,000 መመዝገቡ ትክክል ነውን? ደረጃ 12 ወደ ዛሬ ዋጋ መመለስን ይከለክላል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ልዩነት መቼ እንደሚመለስ በእርግጠኝነት ማወቅ ለብዙ ድርጅት ከባድ በመሆኑ ነው፤ ብሪታንያ በ2000ው ደረጃዋ ለፈለገ ፈቅዳ ነበር። እኔ ክልከላው ለሪፖርት ይበጃል ባይ ነኝ፤ የወለዱን ልክ እየመረጠ ዕዳውን የሚያሳንስ እንዳይበዛ። ለገበያ ግን አይበጅም። በ6ኛው ዓመት መጨረሻ የፋብሪካውን ድርሻ የሚገዛ ሰው 90,000ውን ሙሉ በሙሉ ከዋጋው ልቀንስ ቢል ሻጩ እምቢ ማለት ይችላል፤ ከ2፣ ከ3 እና ከ4 ዓመት በኋላ በ30,000፣ በ30,000 የሚከፈል ገንዘብ በ10 በመቶ ወለድ ዛሬ ወደ 67,800 ብር ነው የሚያወጣው። ሻጩ በበኩሉ «ማንም ያልጠየቀኝ ግብር ነው፣ ምንም አልቀንስም» ቢል ገዢው የወፍጮውን ሁለት ዋጋዎች ጎን ለጎን ያሳየው። ድርድሩ ከ67,800 እስከ 90,000 ባለው መካከል ነው።